የሬንኮ ጡቦች፦ የጡቡ መጠን በአግድም ገበያ ውስጥ ጫጫታን እንዴት ያጣራል?

አንድ አክሲዮን ለሃያ የግብይት ቀናት፣ ማለትም ለአራት ሳምንት ያህል፣ በ100 እና በ104 ዶላር አካባቢ መካከል እየተመላለሰ ቆየ እንበል። ዋጋው ወደ ላይም ወደ ታችም አልወጣም፤ ይህን ዓይነቱን ገበያ ባለሙያዎች አግድም ገበያ ይሉታል። ሁለት ሰዎች ይህንኑ የዋጋ ዝርዝር ሬንኮ በሚባለው ቻርት ይከታተላሉ። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ የመጀመሪያው የጡቡን መጠን 2 ዶላር፣ ሁለተኛው ደግሞ 3 ዶላር አድርገዋል። በሃያኛው ቀን የመጀመሪያው ሰው ቻርት ላይ አምስት ጡቦች ይታያሉ፤ አረንጓዴ ሲመጣ እየገዛ ቀይ ሲመጣ እየሸጠ ከሆነ በአንድ አክሲዮን 7 ዶላር ከስሯል። የሁለተኛው ሰው ቻርት ላይ ያለው ግን አንድ ጡብ ብቻ ነው።

የአንድ ዶላር ልዩነት ይህን ያህል ርቀት የፈጠረው እንዴት ነው? ብዙዎች «ጡቡ በተለቀ ቁጥር ጫጫታው እየቀነሰ ይሄዳል» ብለው ያስባሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ቢሆንም በአግድም ገበያ ላይ ግን በዚህ መልኩ አይሠራም። ጡቡ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲሄድ ውጤቱ በመጀመሪያ እየባሰ ይሄዳል፤ ከዚያ በድንገት ዝምታ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ያ የመባስ ክልል የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ በቁጥር ያሳያል።

ጡቡ እንዴት ይደረደራል?

ሬንኮ ከጃፓን የመጣ የቻርት ዓይነት ነው። ስሙም «ሬንጋ» ከሚለው፣ ጡብ የሚል ትርጉም ካለው የጃፓንኛ ቃል የተገኘ እንደሆነ ይነገራል። የሻማ ቻርትን ለምዕራባውያን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ስቲቭ ኒሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፉ ሬንኮንም አብሮ አቅርቦታል።

የሬንኮ ዋና ጠባይ ጊዜን መተዉ ነው። በተለመደው ቻርት ላይ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ቦታ አለው። በሬንኮ ላይ ግን አዲስ ጡብ የሚቀመጠው ዋጋው የተወሰነ ርቀት ሲጓዝ ብቻ ነው። ዋጋው ካልተጓዘ አንድ ሳምንትም ሆነ አንድ ወር ቢያልፍ ቻርቱ ባለበት ይቆማል።

ደንቡ ሁለት ክፍል አለው። ጡቡ 2 ዶላር፣ የመጨረሻው ጡብም ከ100 እስከ 102 የቆመ አረንጓዴ ጡብ ነው እንበል። የመዝጊያ ዋጋው 104 ሲደርስ ከላዩ ሌላ አረንጓዴ ጡብ ይጨመራል፤ ይህ የአንድ ጡብ ጉዞ ብቻ ይጠይቃል። ቀይ ጡብ ለመጣል ግን ዋጋው ከአረንጓዴው ጡብ እግር በታች አንድ ሙሉ ጡብ መውረድ አለበት፤ ማለትም 98 መድረስ አለበት። ከጡቡ አናት ከ102 ሲቆጠር ይህ 4 ዶላር ነው። እንግዲህ በያዙት አቅጣጫ ለመቀጠል አንድ ጡብ ሲበቃ፣ ለመታጠፍ ግን ሁለት ጡብ ያስፈልጋል። በአግድም ገበያ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ ከዚህ ከሁለት ጡብ ደንብ የሚመነጭ ነው።

እንደ ፍሪጅ ቴርሞስታት

የምህንድስና ትምህርት የተማረ ሰው ይህን ደንብ ሲያይ የሚያውቀው ነገር ትዝ ይለዋል። የፍሪጅ ሞተር የሚነሳበትና የሚቆምበት የሙቀት መጠን አንድ አይደለም። ሞተሩ ለምሳሌ 6 ዲግሪ ላይ የሚነሳ ከሆነ የሚቆመው 3 ዲግሪ ላይ ነው። ሁለቱ ነጥቦች አንድ ቢሆኑ ሙቀቱ በትንሹ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሞተሩ ይነሳና ይቆም ነበር። በመካከል ያለው የ3 ዲግሪ ክፍተት ትንንሽ መዋዠቆችን ይውጣቸዋል። በሬንኮ ላይ ያለው የሁለት ጡብ ርቀትም ሥራው ይኸው ነው፤ ከዚያ ያነሰ የዋጋ መመለስ ቻርቱ ላይ አሻራ አይተውም።

ይህ ማጣሪያ ብዙዎች ከሚያውቁት የአማካይ መስመር ማጣሪያ የተለየ ነው። የሃያ ቀን አማካይ ፈጣን የሆነውን እንቅስቃሴ ያለዝባል። ሬንኮ ግን የሚያስቀረው ትንሽ የሆነውን እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ ለእሱ ልዩነት የለውም። በአንድ ሰዓት የተደረገ የ5 ዶላር ዝላይ ያልፋል፤ አንድ ወር ሙሉ የፈጀ የ1 ዶላር መንሸራተት ግን ላይታይ ይችላል።

ፍሪጁ ያለው ችግር ሬንኮም አለው። የክፍል ሙቀቱ ራሱ በ6 እና በ3 ዲግሪ መካከል የሚመላለስ ቢሆን ቴርሞስታቱ ጫፍ በነካ ቁጥር ይነሳል፤ ይቆማል። የሚያጣራው ነገር አይኖርም፤ ይልቁንም መዋዠቁን በታማኝነት ይደግመዋል። ገበያም የሚመላለስበት ስፋት ከሁለቱ ጡቦች ርቀት ጋር ሲገጣጠም የሚሆነው ይኸው ነው።

ሃያ ቀናት፣ አራት ጡቦች

ከላይ የተነሳውን ምሳሌ በቁጥር ማየት ይቻላል። የሚከተሉት ዋጋዎች ለማስረዳት የተዘጋጁ የዕለት መዝጊያ ዋጋዎች በዶላር ናቸው።

ከቀን 1 እስከ 5፦ 100.0፣ 101.2፣ 102.6፣ 101.4፣ 103.1
ከቀን 6 እስከ 10፦ 104.2፣ 103.4፣ 102.1፣ 102.9፣ 100.9
ከቀን 11 እስከ 15፦ 99.8፣ 100.7፣ 102.2፣ 101.3፣ 102.8
ከቀን 16 እስከ 20፦ 104.1፣ 103.2፣ 101.7፣ 102.4፣ 99.9

ዝቅተኛው ዋጋ 99.8፣ ከፍተኛው 104.2 ነው፤ ስለዚህ የአግድሙ ስፋት 4.4 ዶላር ይሆናል። በውስጡም ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ አለ። አንደኛው ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ትልቁ ምልልስ ነው። ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚታየው ትንሽ መመለስ ነው፤ ለምሳሌ በ4ኛው ቀን ዋጋው ከ102.6 ወደ 101.4 ወርዶ በማግስቱ 103.1 ደርሷል።

የጡቡ መጠን 2 ዶላር፣ መነሻውም 100 ሲሆን ቻርቱ እንዲህ ይሠራል። በ3ኛው ቀን ዋጋው 102ን ስላለፈ የመጀመሪያው አረንጓዴ ጡብ ይቀመጣል፤ በ6ኛው ቀን 104ን ሲያልፍ ሁለተኛው ይከተላል። ከዚህ በኋላ ቀይ ጡብ ለመጣል ዋጋው 100 መድረስ አለበት። በ10ኛው ቀን 100.9 ላይ ሲዘጋ ቻርቱ ገና ዝም ይላል። በ11ኛው ቀን 99.8 ሲሆን ቀዩ ጡብ ይመጣል፤ ይህ ቀን ግን የአራቱ ሳምንታት ዝቅተኛው ዋጋ የታየበት ቀን ነው። ቀጥሎ አረንጓዴ የሚመጣው ዋጋው 104 ሲደርስ ነው፤ እሱም በ16ኛው ቀን በ104.1 ላይ፣ ልክ ከጣሪያው ሥር ይሆናል። በ20ኛው ቀን በ99.9 ላይ እንደገና ቀይ ይመጣል።

ቀለሙን የተከተለው ነጋዴ በ102.6 ገዝቶ በ99.8 ሸጧል፤ 2.8 ዶላር ከስሯል። ከዚያም በ104.1 ገዝቶ በ99.9 ሸጧል፤ 4.2 ዶላር ከስሯል። ጠቅላላው 7 ዶላር ነው። ቻርቱ ንጹሕ ይመስላል፤ በሃያ ቀን አምስት ጡብ ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን ሁለቱም ቀይ ጡቦች የመጡት ወለሉ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ግዢም የተፈጸመው ከጣሪያው ሥር ነው።

በሌሎቹ መጠኖች የሚገኘው ውጤት በሚከተለው ሠንጠረዥ ተጠቃሏል። ሁሉም ከ100 የተነሱ ናቸው፤ ነጋዴው በየዕለቱ መዝጊያ ዋጋ አረንጓዴ ሲመጣ ይገዛል፣ ቀይ ሲመጣ ይሸጣል።

| የጡብ መጠን | የጡቦች ብዛት | የቀለም ለውጥ | ውጤት በአንድ አክሲዮን |
|---|---|---|---|
| 0.50 ዶላር | 31 | 5 | 1.3 ዶላር ኪሳራ |
| 1 ዶላር | 13 | 3 | 0.8 ዶላር ኪሳራ |
| 2 ዶላር | 5 | 3 | 7.0 ዶላር ኪሳራ |
| 3 ዶላር | 1 | 0 | አልተሸጠም፤ በ20ኛው ቀን 3.2 ዶላር ወርዷል |

በሠንጠረዡ ውስጥ በተለይ መታየት ያለበት የ1 እና የ2 ዶላር ጡቦች ንጽጽር ነው። ሁለቱም ላይ የቀለም ለውጡ እኩል ሦስት ጊዜ ነው። ጡቡን በእጥፍ ማሳደግ አንድም የሐሰት ምልክት አላስቀረም፤ ምልክቱን አዘገየው እንጂ። በ1 ዶላር ጡብ የመጀመሪያው ቀይ የመጣው በ10ኛው ቀን በ100.9 ሲሆን፣ ቀጣዩ አረንጓዴ በ13ኛው ቀን በ102.2 ላይ ነው። በ2 ዶላር ጡብ ያው ምልክት አንድ ቀንና ሦስት ቀን ዘግይቶ፣ በከፋው ዋጋ ላይ መጣ። ጫጫታውን ያልዋጠ ትልቅ ጡብ ከትንሹ የባሰ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስፋቱን በጡብ መለካት

ይህን ወደ አንድ ቀላል ስሌት ማምጣት ይቻላል። ዋጋው ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ ሲሄድ አረንጓዴ ጡብ የሚመጣው ሁለት ጡብ ከተጓዘ በኋላ ነው። ከጣሪያው ሲመለስም ቀይ የሚመጣው ሁለት ጡብ ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ነጋዴው የሚገዛው ከወለሉ ሁለት ጡብ ከፍ ብሎ፣ የሚሸጠውም ከጣሪያው ሁለት ጡብ ዝቅ ብሎ ነው። የአግድሙን ስፋት R፣ የጡቡን መጠን B ብንላቸው፣ ዳርና ዳሩ ከጡብ መስመር ጋር በሚገጥምበት ጊዜ አንድ ሙሉ ምልልስ የሚያመጣው ውጤት ይህ ነው፦

```
R − 4B
```

ስፋቱ ልክ 4 ዶላር ቢሆን፣ በ0.80 ዶላር ጡብ ውጤቱ 0.80 ዶላር ትርፍ ነው። በ1 ዶላር ጡብ ዜሮ ይሆናል። በ1.33 ዶላር ጡብ 1.33 ዶላር ኪሳራ ነው። በ2 ዶላር ጡብ ኪሳራው 4 ዶላር፣ ማለትም የስፋቱ ሙሉ መጠን ነው፤ በጣሪያው ይገዛል፣ በወለሉ ይሸጣል። ጡቡ ከ2 ዶላር ጥቂት ሳንቲም ካለፈ ግን ሁለት ጡብ የሚሆን ቦታ በስፋቱ ውስጥ ስለማይኖር ቀለሙ ከቶ አይለወጥም።

ከዚህ የሚወጣው ትርጉም ግልጽ ነው። ስፋቱ ከሁለት ጡብ ካነሰ ቻርቱ ዝም ይላል። ስፋቱ ከሁለት እስከ አራት ጡብ ሲሆን እያንዳንዱ ምልልስ ኪሳራ ያመጣል፤ ወደ ሁለት በቀረበ ቁጥርም ኪሳራው ይከፋል። ስፋቱ ከአራት ጡብ ሲበልጥ ትልቁ ምልልስ ራሱ እንደ አዝማሚያ ሊያዝ ይችላል፤ ሆኖም በዚያ መጠን ላይ ትንንሾቹ መመለሶች ማስቸገር ይጀምራሉ። እጅግ መጥፎው ቦታና ፍጹም ዝምታው ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ በዚያ ጠርዝ ላይ የተመረጠ ጡብ ሊታመን አይችልም።

መነሻው ሲለወጥ

የጡቡ መጠን 2 ዶላር እንደሆነ ይቆይና መነሻው ብቻ ከ100 ወደ 101 ይዛወር። አሁን የጡቦቹ ድንበር 99፣ 101፣ 103 እና 105 ይሆናል። በ5ኛው ቀን ዋጋው 103ን ሲያልፍ አንድ አረንጓዴ ጡብ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ለመቀጠል 105፣ ለመታጠፍ ደግሞ 99 ያስፈልጋል። ዋጋው ሁለቱንም ስላልነካ ቻርቱ እስከ 20ኛው ቀን አይንቀሳቀስም። ዋጋው አልተለወጠም፤ የጡቡም መጠን አልተለወጠም። አምስት ጡብ የነበረው ቻርት ግን አንድ ጡብ ሆኗል።

ምክንያቱ የድንበር መስመሮች አቀማመጥ ነው። ቀለም እንዲመላለስ ሦስት የጡብ መስመሮች በስፋቱ ውስጥ መውደቅ አለባቸው። ስፋቱ ከሦስት ጡብ በላይ ከሆነ ይህ መነሻው የትም ቢሆን ይሆናል። ከሁለት ጡብ ካነሰ ደግሞ የትም ቢጀመር አይሆንም። በሁለትና በሦስት ጡብ መካከል ሲሆን ግን ነገሩ በዕድል ላይ የተመሠረተ ነው። በምሳሌው 4.4 ዶላሩ የ2.2 ጡብ ስፋት አለው፤ በዚህ መጠን ከአምስት የመነሻ ቦታዎች በአንዱ ያህል ብቻ ቀለሙ ይመላለሳል። መነሻው 100 መሆኑ ከዚያ አንድ አምስተኛ ውስጥ ጣለው።

ብዙ የቻርት ፕሮግራሞች መነሻውን የሚወስዱት የተጫነው ታሪክ ከሚጀምርበት ቀን ነው። ተጠቃሚው የአንድ ዓመት ታሪክ በሁለት ዓመት ሲለውጥ የመስመሮቹ አቀማመጥ ሊዛወር ይችላል። ሁለት ሰዎች የአንድ አክሲዮን ቻርት በአንድ የጡብ መጠን ከፍተው የተለያየ ምስል የሚያዩት አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፤ መነሻውን በግማሽ ጡብ ማዛወርና ምስሉ ምን ያህል እንደተለወጠ ማየት። የቀለም ለውጦቹ ከጠፉ ወይም አዲስ ከመጡ፣ ያ ምልክት ከገበያው ሳይሆን ከመስመሮቹ አቀማመጥ የመጣ ነው።

ትንሽ ጡብ የሚደብቀው ዋጋ

በሌላው ጫፍ ያለው የ0.50 ዶላር ጡብ ነው። ስፋቱ 4.4 ዶላር ከሆነ ወደ ዘጠኝ ጡብ ይጠጋል፤ በስሌቱ መሠረት ትርፍ ማምጣት ነበረበት። በሠንጠረዡ ላይ ግን 1.3 ዶላር ኪሳራ ይታያል። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የታወቀው ጫጫታ ነው። በ4ኛው ቀን የታየው ትንሽ መመለስ 1.2 ዶላር ስለነበረ፣ ለ0.50 ዶላር ጡብ ከሁለት ጡብ ይበልጣል። ቻርቱ ቀይ ሆነ፤ በማግስቱ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። ነጋዴው በ101.4 ሸጦ በ103.1 መልሶ ገዛ። ይኸው ዋጋ በ1 ዶላር ጡብ ላይ ምንም አላመጣም።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይታወቅም። በዚህ ምሳሌ ዋጋው በአንድ ቀን በአማካይ 1.28 ዶላር ይንቀሳቀሳል፤ ይህም ከሁለት ተኩል ጡብ ይበልጣል። በ8ኛው ቀን ዋጋው ከ103.4 ወደ 102.1 ሲወርድ ሁለት ቀይ ጡቦች በአንድ ጊዜ ተጣሉ። የመጀመሪያው ቀይ ጡብ ቻርቱ ላይ የቆመው በ103.0 ነው። በዕለቱ መዝጊያ የሚሠራ ሰው ግን ጡቡን ያየው ዋጋው 102.1 ከሆነ በኋላ ነው። በ103.0 መሸጥ አልቻለም፤ ቻርቱ ግን እንደቻለ አድርጎ ያሳያል።

ልዩነቱ ሲደመር ትልቅ ነው። በ0.50 ዶላር ጡብ ግዢና ሽያጩ በጡቦቹ ድንበር ዋጋ ተፈጽሟል ተብሎ ቢሰላ ውጤቱ 3.5 ዶላር ትርፍ ይሆናል። በእውነተኛው የመዝጊያ ዋጋ ሲሰላ 1.3 ዶላር ኪሳራ ነው። የ4.8 ዶላሩ ልዩነት በገበያ ውስጥ ያልነበረ ገንዘብ ነው። በቀድሞ ዋጋዎች ላይ ስልት የሚፈትሹ ሰዎች በሬንኮ ጡቦች ላይ በቀጥታ ሲያሰሉ የሚያገኙት ማራኪ ውጤት ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ምልክቱን ከጡቡ፣ ዋጋውን ግን ምልክቱ በታየበት ሰዓት ከነበረው እውነተኛ ዋጋ መውሰድ ያስፈልጋል። በየደቂቃው ዋጋ መሥራት ክፍተቱን ያጠበዋል፤ ገበያው ተዘግቶ ሲከፈት የሚደረገውን ዝላይ ግን አያስቀርም። ለእያንዳንዱ ግብይት የሚከፈለው ኮሚሽንም ሲታከል፣ ጡቡ ባነሰ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይከፈላል።

የዝምታ ዋጋ

የ3 ዶላር ጡብ የአግድሙን ምልልስ ሙሉ በሙሉ ውጦታል። ይህ ማለት ግን ነጋዴው ምንም አልከፈለም ማለት አይደለም። በ5ኛው ቀን አረንጓዴ ጡብ ሲመጣ በ103.1 ገዝቷል። ቀይ ጡብ እንዲመጣ ዋጋው 97 መድረስ አለበት። በ20ኛው ቀን ዋጋው 99.9 ሲሆን 3.2 ዶላር ወርዷል፤ ቻርቱ ግን ያው አረንጓዴ ጡብ ነው። ገበያው በመጨረሻ ወደ ታች ቢሰበር ነጋዴው የሚወጣው ቢያንስ 6.1 ዶላር ከከሰረ በኋላ ነው።

ወደ ላይ ቢሰበር ግን ቀጣዩ አረንጓዴ በ106 ላይ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚታየው ነገር ትልቅ ጡብ ለሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል አለመዘግየቱ ነው። የመጨረሻው ጡብ አረንጓዴ በመሆኑ ከስፋቱ ጣሪያ ወደ ላይ 1.8 ዶላር፣ ከወለሉ ወደ ታች ግን 2.8 ዶላር ተጨማሪ ጉዞ ይጠብቃል። ወደ አግድሙ ከመግባቱ በፊት የነበረው ቀለም በመውጫው ላይ ይወስናል።

ስለዚህ ምርጫው በጫጫታና በንጽሕና መካከል አይደለም። የ2 ዶላር ጡብ በየምልልሱ ይከፍላል፤ አግድሙ በቆየ ቁጥር ኪሳራው ይደጋገማል። የ3 ዶላር ጡብ የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነው፤ ያ አንድ ጊዜ ግን ትልቅ ነው፤ መቼ እንደሚመጣም ቻርቱ አስቀድሞ አይናገርም።

መጠኑን ለመምረጥ

በብዙ ፕሮግራሞች ላይ የጡቡ መጠን በራሱ የሚወሰንበት መንገድ አለ። ስሌቱ ኤቲአር ይባላል፤ አማካይ የዕለት የዋጋ ስፋት ማለት ነው። መሐንዲሱ ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በ14 ቀን ይሰላል። ጡቡን ከገበያው የዕለት እንቅስቃሴ ጋር ማዛመዱ ለ0.50 ዶላሩ ዓይነት ችግር መፍትሔ ይሰጣል።

ለአግድም ገበያ ግን የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ኤቲአር አንድ ቀን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል፤ ምልልሱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አይናገርም። በምሳሌው ከመዝጊያ እስከ መዝጊያ ያለው አማካይ እንቅስቃሴ 1.28 ዶላር ነው። ይህን ጡብ ብናደርገው ስፋቱ 3.4 ጡብ ይሆናል፤ ከሁለት እስከ አራት ባለው የኪሳራ ክልል መሐል ይወድቃል ማለት ነው። በተጨማሪም አንዳንድ ፕሮግራሞች ኤቲአሩ በተለወጠ ቁጥር ያለፉትን ጡቦች ሁሉ በአዲሱ መጠን እንደገና ይሠሯቸዋል። ትናንት የታየ ቀይ ጡብ ዛሬ የለም። ይህንን ለማወቅ የዛሬውን ቻርት ፎቶ አንስቶ ከሳምንት በኋላ ማነጻጸር ይበቃል፤ ያለፉት ጡቦች ከተለወጡ መጠኑን በቋሚ ዶላር ማስተካከል ይገባል።

ተግባራዊው አካሄድ ሦስት መለኪያ ይጠይቃል። በመጀመሪያ በተለመደው ቻርት ላይ የአግድሙ ወለልና ጣሪያ ይለያል፤ በምሳሌው 4.4 ዶላር። ቀጥሎ ስፋቱ ለታሰበው ጡብ ይካፈላል። ውጤቱ ከሁለት እስከ አራት ከሆነ መጠኑ መለወጥ አለበት፤ ወይ ከስፋቱ ግማሽ በግልጽ ይበልጥ፣ እዚህ ከ2.2 ዶላር በላይ፣ ወይም ከሩብ በታች፣ እዚህ ከ1.1 ዶላር በታች ይሁን። ሩቡን የመረጠ ደግሞ ሦስተኛውን ይመለከታል፤ ጡቡ ከዕለት እንቅስቃሴው አንጻር ትንሽ ነው ወይ? በዚህ ምሳሌ መልሱ አዎ ነው፤ 1.1 ዶላር ከ1.28 ያንሳል። ስለዚህ በዚህ ገበያ ላይ በዕለት መዝጊያ ዋጋ ለሚሠራ ሰው ምልልሱን ራሱን በአስተማማኝ ሁኔታ ለመያዝ የሚያስችል የጡብ መጠን የለም። ያለው ምርጫ ትልቅ ጡብ ይዞ ዝም ማለት ወይም አግድሙ እስኪያበቃ ከሬንኮ ምልክት መራቅ ነው።

አንድ ገደብ ግን ይቀራል። ወለሉና ጣሪያው በእርግጠኝነት የሚታወቁት ምልልሱ ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ነው። በ6ኛው ቀን ዋጋው 104.2 ሲደርስ ያ ጣሪያ እንደሚሆን ማንም አያውቅም ነበር። ስፋቱ ሲሰፋ ወይም ሲጠብም ትናንት ትክክል የነበረው ጡብ ወደ ኪሳራው ክልል ሊገባ ይችላል። በአግድም ገበያ ላይ የጡቡን መጠን አንድ ጊዜ መርጦ መተው የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚጠበቀው ቁጥር የጡቡ መጠን ብቻ ሳይሆን ስፋቱ ስንት ጡብ እንደሆነ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የቀረበው ምሳሌ የቻርቱን አሠራር ለማስረዳት እንጂ ለመዋዕለ ንዋይ ምክር የተዘጋጀ አይደለም።